ካርኖ 59 በመቶ ይላል፣ ጣቢያው ለምን 40 እንኳ አይደርስም?

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ክፍተት ነው። አንድ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ አስቡ። ወደ ተርባይኑ የሚገባው እንፋሎት 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ግፊቱም 100 ባር። ሥራውን ጨርሶ ኮንደንሰር ውስጥ ተመልሶ ውሃ የሚሆነው 46 ዲግሪ ላይ ነው። በሁለቱ የሙቀት ደረጃዎች፣ የሙቀት ማሽን ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ብቃት የሚያሰላውን የካርኖን ቀመር ብትሠሩ 58.7 በመቶ ታገኛላችሁ። ማለትም ከሚገባው ሙቀት ከግማሽ በላዩ ወደ ሥራ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። በእነዚህ ልኮች የተሠራ ቀላል ጣቢያ ግን ከ30 በመቶ ብዙም አይርቅም። የቀረው የት ገባ?

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ "ሰበቃና ብክነት" ነው። ግማሽ እውነት ነው። ትልቁ ድርሻ ግን የሰበቃ አይደለም። ማሽኑ እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ 58.7 ላይ አይደርስም። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። "ሙቀት" ስል በኪሎ ጁል የሚቆጠረውን ኃይል ማለቴ ነው። "የሙቀት ደረጃ" ስል ደግሞ ቴርሞሜትር የሚያነበውን። ሁለቱ ከተደበላለቁ የዛሬው ወሬ በሙሉ ይደበላለቃል።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ ሐሳቡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ሙቀትን ከከፍታ ወደ ዝቅታ እንደሚወርድ ውሃ አየው። ወፍጮን የሚያዞረው የውሃው ብዛት ብቻ ሳይሆን የወረደበት ከፍታም ነው፤ ሙቀትም ሥራ የሚሰጠው ከሞቀ ቦታ ወደ ቀዘቀዘ ቦታ ሲወርድ ነው። ካርኖ ሙቀት የማይጠፋ ፈሳሽ ነገር ይመስለው ነበር፤ እዚህ ላይ አልተሳካለትም። መደምደሚያው ግን ጸንቶ ቆየ፤ ክላውዚየስና ኬልቪን የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በኋላ በትክክለኛው መሠረት ላይ አስቀመጡት። ዛሬ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦

η = 1 − T₂ / T₁

η ብቃቱ፣ ማለትም ከገባው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ ነው። T₁ ሙቀቱ የሚገባበት፣ T₂ ደግሞ የሚወጣበት የሙቀት ደረጃ ነው፤ ሁለቱም በኬልቪን። በእኛ ጣቢያ 500 ዲግሪ 773 ኬልቪን ነው፣ 46 ዲግሪ ደግሞ 319። 319 ለ773 ሲካፈል 0.413 ይሆናል። ስለዚህ 58.7 በመቶ።

እዚህ ቀመር ውስጥ ግን በቀላሉ የሚዘለል አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ሙቀቱ በሙሉ በT₁ ላይ መግባት አለበት። ጥቂቱ ሳይሆን በሙሉ። የእኛ ቦይለር ይህን ያደርጋል ወይ?

አያደርግም። እስቲ አንዲት ኪሎ ግራም ውሃ ይዘን ቦይለሩ ውስጥ አብረናት እንሂድ።

ውሃዋ ከኮንደንሰር የወጣችው 46 ዲግሪ ላይ ናት። ፓምፑ ግፊቷን ወደ 100 ባር ያወጣዋል፤ ለዚህ የሚፈልገው 10 ኪሎ ጁል ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ቦይለር ትገባለች። በ100 ባር ግፊት ውሃ የሚፈላው 311 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከ46 ወደ 311 መሞቅ አለባት፤ ይህ 1206 ኪሎ ጁል ይወስዳል። ቀጥሎ 311 ላይ ቆማ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት እስክትሆን ድረስ 1318 ኪሎ ጁል ትወስዳለች። በመጨረሻ ደረቁ እንፋሎት ከ311 ወደ 500 ይሞቃል፤ ለዚህ የሚበቃው 650 ኪሎ ጁል ነው።

ድምሩ 3173 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። አሁን ድርሻውን ተመልከቱ። ከ311 ዲግሪ በላይ የገባው ሙቀት ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ ነው። 500 ዲግሪን የነካው ደግሞ የመጨረሻዋ ጠብታ ናት። ወደ 38 በመቶ የሚሆነው የገባው ውሃው ገና ፈሳሽ ሳለ፣ ከ46 እስከ 311 ባለው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነው። ካርኖ ግን "ሁሉም በ500 ገባ" ብሎ ነው 58.7 የሚለው።

ታዲያ ፍትሐዊው መለኪያ የቱ ነው? አማካዩ ነው። አማካዩን የምናገኘው የገባውን ሙቀት በኢንትሮፒው ጭማሪ በማካፈል ነው፤ የኢንትሮፒ ጭማሪ ማለት እያንዳንዱ የገባ ሙቀት በገባበት የኬልቪን ደረጃ ተካፍሎ ሲደመር የሚገኘው ነው። በእንፋሎት ሰንጠረዥ መሠረት የእኛ ውሃ ኢንትሮፒ ከ0.649 ወደ 6.600 ያድጋል፤ ጭማሪው 5.95 ኪሎ ጁል በኬልቪን ነው። 3173 ለ5.95 ሲካፈል 533 ኬልቪን ይሆናል። ይህ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጣቢያው "500 ዲግሪ" ተብሎ ይጠራል። በሥራ ረገድ ግን ሙቀት የሚቀበለው በ260 ዲግሪ እንደሆነ አድርጎ ነው። በካርኖ ቀመር ውስጥ 773ን አውጥታችሁ 533ን አስገቡ። 40.2 በመቶ ይመጣል። በሌላ መንገድም ብትሄዱ፣ የተርባይኑን ሥራ ከሰንጠረዡ አውጥታችሁ የፓምፑን ቀንሳችሁ ለገባው ሙቀት ብታካፍሉ፣ መልሱ ያው 40.2 ነው። ቁጥሮቹ መግጠማቸው አጋጣሚ አይደለም፤ አንድ ነገር ናቸው።

እንግዲህ ከ58.7 ወደ 40.2 ስንወርድ አንዲትም ሰበቃ አላነሣንም። ፓምፑም ተርባይኑም እንከን የለሽ ናቸው። 18 ከግማሽ ነጥብ የሄደው ሙቀቱ በሙሉ በ500 ሳይሆን አብዛኛው ከዚያ በታች ስለገባ ብቻ ነው።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ "ታዲያ ለምን የካርኖን ዑደት ራሱን አንሠራም?" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙዎች ከሚጠብቁት ይለያል።

በውሃ የካርኖን ዑደት መሥራት ይቻላል፤ ግን 500 ዲግሪን መተው አለባችሁ። ሙቀት በአንድ የሙቀት ደረጃ ላይ የሚገባው ውሃ ሲፈላ ብቻ ነው። በ100 ባር ያ ማለት 311 ዲግሪ ነው። ግፊቱን ጨምሩ ብትሉ እንኳ ከ374 ዲግሪ በላይ ውሃ መፍላት የሚባል ነገር የለውም። በ311 እንሥራው። የካርኖ ወሰን 45.4 በመቶ ይሆናል። ከ40.2 ይበልጣል፤ አጓጊ ነው።

ችግሩ ከታች በኩል ነው። በዚህ ዑደት እንፋሎቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ውሃ አትመልሱትም። 36 በመቶው ገና እንፋሎት ሳለ ታቆሙታላችሁ፤ ከዚያ ውሃና እንፋሎት የተቀላቀለበትን ነገር ከኮንደንሰሩ ግፊት፣ ከ0.1 ባር፣ ወደ 100 ባር ትጨምቁታላችሁ። ፈሳሽ ውሃን ለመግፋት 10 ኪሎ ጁል ይበቃ ነበር። ይህን ድብልቅ ለመጭመቅ 351 ይፈልጋል። ተርባይኑ የሚሰጠው ደግሞ 950 ገደማ ነው። ከሦስት እጅ አንዱን መልሶ ራሱ ይበላዋል።

በወረቀት ላይ ይህ አይጎዳም። ማሽኖቹ ፍጹም ካልሆኑ ግን ይጎዳል። ተርባይኑም መጭመቂያውም 80 በመቶ ብቃት ቢኖራቸው ተርባይኑ 760 ይሰጣል፣ መጭመቂያው 439 ይወስዳል። የሚተርፈው 321 ነው። የዑደቱ ብቃት ከ45.4 ወደ 26 ይወድቃል። የእኛ ተራ ዑደት፣ ማለትም መሐንዲሶች የራንኪን ዑደት የሚሉት፣ በዚያው 80 በመቶ ብቃት ከ40.2 ወደ 32 ብቻ ነው የሚወርደው። ምክንያቱም ፓምፑ የሚበላው ከምንም አይቆጠርም።

እና ጠብታ የሞላውን ድብልቅ የሚጨምቅ ማሽን መሥራት ራሱ መከራ ነው። ተርባይኑም ቢሆን በዚህ ዑደት መጨረሻው ላይ ሲሶው ውሃ የሆነ እንፋሎት ይደርሰዋል። በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ጠብታ ምላጮቹን ይቦረቡራቸዋል። ስለዚህ መሐንዲሶች የካርኖን ዑደት ያልሠሩት አቅቷቸው አይደለም። ብትሠሩት ከራንኪን ያነሰ ኃይል ይሰጣችኋል። ለእኔ በዚህ ርዕስ ውስጥ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ነጥብ ይህ ነው፤ የላይኛው ወሰን ያለው ዑደት ሁሌ ጥሩው ማሽን አይደለም።

አሁን ወደ 40.2 እንመለስና እውነተኛውን ማሽን እናስገባ። በዚህ በፍጥነት እንለፍ። ተርባይኑ 87 በመቶ፣ ፓምፑ 85 በመቶ ብቃት አላቸው እንበል። ብቃቱ 34.9 ይሆናል። ቦይለሩ ከነዳጁ ሙቀት ወደ ውሃው የሚያደርሰው 88 በመቶውን ነው ብንል 30.7 እንሆናለን። ቀሪው በዋናነት በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጭሱን እስከ መጨረሻ ማቀዝቀዝ አይቻልም፤ ድኝ ያለበት ነዳጅ ከሆነ ጭሱ ከልክ በታች ሲቀዘቅዝ ሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ይሆንና ብረቱን ይበላል። ከዚያ ጄኔሬተሩ ትንሽ ይወስዳል፤ የጣቢያው የራሱ ፓምፖችና ማራገቢያዎች ደግሞ ከሚመነጨው ጥቂት በመቶ ይበላሉ። ወደ መስመሩ የሚወጣው 28 በመቶ አካባቢ ይሆናል።

ዛሬ ያሉት ጣቢያዎች ግን 38፣ አንዳንዶቹም ከ45 በላይ ይደርሳሉ። እንዴት? ያ 260 ዲግሪ አማካይ ላይ ነው የዘመቱት።

ዋናው ዘዴ ወደ ቦይለር የሚገባውን ውሃ አስቀድሞ ማሞቅ ነው። በነዳጅ ግን አይደለም። እንፋሎቱ ተርባይኑ ውስጥ መንገድ አጋማሽ ላይ ሳለ ጥቂቱ ይቀነስና ወደ ማሞቂያ ይላካል። ይህ እንፋሎት ከፊል ሥራውን ሠርቷል። የቀረውን ሙቀት ኮንደንሰር ውስጥ ከሚጥል ለቀዝቃዛው ውሃ ያስረክባል። ትልልቅ ጣቢያዎች እንዲህ ያሉ ማሞቂያዎችን ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት አድርገው ይደረድራሉ፤ እያንዳንዱ ከተርባይኑ የተለያየ ቦታ ላይ እንፋሎት ይወስዳል።

በእኛ ምሳሌ ውሃው ቦይለር የሚገባው በ46 ሳይሆን በ230 ዲግሪ ነው እንበል። ያ ከታች ያለው ትልቁ የቀዝቃዛ ውሃ ድርሻ ከነዳጁ ላይ ይነሣል። ከነዳጁ ሙቀት የሚገባበት አማካይ ከ260 ወደ 325 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል፤ የዑደቱ ወሰንም ከ40 ወደ 46 ከፍ ይላል። እዚያ ሙሉ ለሙሉ ለመድረስ ማሞቂያዎቹ ቁጥር የለሽ መሆን አለባቸው። ስድስት ወይም ሰባት ሲሆኑ አብዛኛው ጥቅም ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ማሞቂያ ዋጋውን አይመልስም። አስገራሚው ነገር ከእያንዳንዱ ኪሎ እንፋሎት የምታገኙት ሥራ ይቀንሳል፤ ከእያንዳንዱ ኪሎ ነዳጅ የምታገኙት ግን ይጨምራል።

ሁለተኛው ዘዴ እንፋሎቱን ከመጀመሪያው ተርባይን አውጥቶ እንደገና ቦይለር ውስጥ ማሞቅ ነው። አማካዩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ትልቁ ጥቅሙ ግን እርጥበትን መቀነሱ ነው። በእኛ ምሳሌ፣ ተርባይኑ 87 በመቶ ሆኖ፣ በመጨረሻው እንፋሎት ውስጥ ወደ 14 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ምላጮች ያለ ችግር የሚችሉት 10 ወይም 12 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን የመጨረሻዎቹ ምላጮች የፊት ጠርዝ ሻካራና ጥርስ ጥርስ ያለው ይሆናል፤ ተርባይኑ ሲከፈት በዓይን ይታያል።

ሦስተኛው በቀጥታ የሙቀት ደረጃውን መጨመር ነው። እዚህ ላይ የሚያቆመን ፊዚክስ ሳይሆን ብረት ነው። በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ለዓመታት የቆየ ቧንቧ ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ ያብጣል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። የዛሬ የተሻሻሉ ብረቶች 600 ዲግሪ አካባቢ ያደርሳሉ። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ የጀመረው የኖርድዩላንድ ሦስተኛ ዩኒት በ582 ዲግሪና በ290 ባር ገደማ፣ እንፋሎቱን ሁለቴ መልሶ በማሞቅና በቀዝቃዛ የባሕር ውሃ በመታገዝ 47 በመቶ ላይ ደርሷል። በድንጋይ ከሰል ይህ ትልቅ ውጤት ነው። በ582 ዲግሪና በቀዝቃዛ ባሕር መካከል ካርኖ የሚለው ግን ወደ 67 በመቶ ነው።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደረስን። "ኮንደንሰሩ የሙቀቱን 60 በመቶ ይጥላል፤ ጥፋቱ የሱ ነው" ይባላል። በኪሎ ጁል ከቆጠርን ልክ ነው። በምሳሌያችን 1898 ኪሎ ጁል በኮንደንሰር ይወጣል። ግን ይህ ሙቀት በ46 ዲግሪ ላይ ያለ ነው። አካባቢው 20 ዲግሪ ቢሆን ከዚያ ሁሉ ሙቀት ፍጹሙ ማሽን እንኳ የሚያወጣው ሥራ 8 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ 155 ኪሎ ጁል።

ቦይለሩን ደግሞ እዩት። የእሳቱ ጋዝ ሙቀቱን የሚሰጠው በአማካይ በ1000 ዲግሪ ነው ብለን እንውሰድ። ያ 3173 ኪሎ ጁል በዚያ ደረጃ ላይ ሳለ 2440 ኪሎ ጁል ያህል ሥራ መሥራት ይችል ነበር። ወደ ውሃው ከገባ በኋላ፣ በአማካይ በ260 ዲግሪ፣ የሚችለው 1430 ብቻ ነው። በቧንቧው ግድግዳ በኩል ሲያልፍ 1000 የሚያህል ኪሎ ጁል የሥራ አቅም ጠፋ። አንድም ኪሎ ጁል ሙቀት አልፈሰሰም። ቦይለሩን በእጃችሁ ብትነኩት የሚታይ ነገር የለም። ኃይሉ እንዳለ አለ፤ ሥራ የመሥራት አቅሙ ግን ወርዷል። ስለዚህ የእንፋሎት ጣቢያ ትልቁ ኪሳራ ያለው እሳትና ውሃ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

በእሳቱና በውሃው መካከል ያለውን የሙቀት ደረጃ ልዩነት ማጥፋት አይቻልም ወይ? ልዩነት ከሌለ ሙቀት አይተላለፍም። ፍጹሙ የካርኖ ማሽን ሙቀትን ያለ ምንም ልዩነት ስለሚቀበል ዘላለም ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ኃይሉም፣ ማለትም በየሴኮንዱ የሚሰጠው ሥራ፣ ዜሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከርዞንና አልቦርን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ይዘው፣ ከፍተኛ ኃይል ላይ የሚሠራ ማሽን ብቃት 1 − √(T₂/T₁) ይሆናል አሉ። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ የእንግሊዙ የዌስት ቱሮክ ጣቢያ ነበር፤ በ565 እና በ25 ዲግሪ መካከል ቀመራቸው 40 በመቶ ሲሰጥ የተለካው 36 ነበር። ቁጥሩ ደስ ይላል። እኔ ግን ይህን እንደ ጥብቅ ወሰን አልወስደውም፤ ጣቢያዎች የሚነደፉት ለከፍተኛ ኃይል ብቻ ሳይሆን ለነዳጅ ወጪም ነው፣ ከዚህ ቀመር በላይ የሄዱም አሉ።

ኮንደንሰሩ ነፃ ወጣ ማለት ግን አይደለም። በንድፍ ደረጃ ትልቁ ኪሳራ የሱ ባይሆንም፣ በየዕለቱ ሥራ ላይ ነጥብ የሚፈሰው እሱ ጋ ነው። ምሳሌያችንን በ33 ዲግሪ፣ ማለትም በ0.05 ባር፣ ብንሠራው 41.9 በመቶ ይሰጣል። 46 ዲግሪ ላይ 40.2 ነበር። ስለዚህ 33 ላይ መቆም ያለበት ኮንደንሰር 46 ላይ ከቆመ ከነዳጁ 4 በመቶ በከንቱ እየነደደ ነው።

የኮንደንሰሩ ግፊት ሲጨምር ምክንያቱ እንዴት ይለያል? መጀመሪያ የሚገባውን የማቀዝቀዣ ውሃ ለኩ። እሱ ሞቆ ከሆነ የአየሩ ጉዳይ ነው፤ ማሽኑ አልተበላሸም። እሱ ደህና ከሆነ በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለውን ጭማሪ እዩ። 10 ዲግሪ መሆን ሲገባው 15 ከሆነ ውሃው አንሷል፤ ፓምፑን ወይም የተደፈኑ ቱቦዎችን ፈልጉ።

ጭማሪው ልክ ሆኖ፣ በእንፋሎቱና በሚወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ መካከል ያለው የዲግሪ ልዩነት ከሰፋ ሁለት ተጠርጣሪ ይቀራል። አንዱ የቱቦ ቆሻሻ፣ ሌላው ሰርጎ የገባ አየር። ለመለየት ታች የተጠራቀመውን ውሃ ለኩ። ግፊቱ 0.1 ባር ከሆነ ውሃው 46 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። 45 ወይም 46 ከሆነ ቱቦዎቹ ናቸው፤ መታጠብ አለባቸው። 40 ከሆነ ግን ከዚያ ግፊት ውስጥ የተወሰነው የእንፋሎት ሳይሆን የአየር ነው። ያኔ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅንም ከፍ ብሎ ይገኛል፤ አየር የሚያወጣው ፓምፕም ከወትሮው የበለጠ ይጎትታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሂሊየም እየረጩ ቀዳዳውን መፈለግ ነው፤ መጀመሪያ የሚታየውም የተርባይኑ ዘንግ ከቤቱ የሚወጣበት ማኅተም ነው።